የግራጫው ኮቴ ነገር፦ ለየትኛው ማስተካከያ ልክፈል?

ቁም ሳጥኔ ውስጥ አንድ ግራጫ ኮት አለ። ሱፍ ነው። ገበሩ አልተቀደደም፣ ቁልፎቹም አንድ አልጎደሉም። ከሰልባጅ ከገዛሁት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ለብሼው መንገድ የወጣሁት ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው። አንዱን ቀን ወደ ልብስ ሰፊ ስወስደው፣ ሌላውን ቀን ከልብስ ሰፊ ስመልሰው።

ስገዛው ትከሻው ሰፋ እንደሚል አይቻለሁ። ሻጩም አይቷል። "ችግር የለም ወንድሜ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደህ ማስጠበብ ነው" አለኝ። እኔም በዚያው ራሴን አሳመንኩ። ኮቱ ርካሽ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ ሸጋ ነው። ትንሽ ጨምሬ ባስተካክለው አዲስ ከማሰፋበት በግማሽ ዋጋ ጥሩ ኮት ይኖረኛል አልኩ። ሒሳቡ ልክ ይመስላል። ያሳሳተኝ "ትንሽ ጨምሬ" ያልኩት ነው።

ሰፈራችን ውስጥ በረንዳ ላይ ማሽን ዘርግቶ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። ኮቱን አሳየሁት። ትከሻውን ቆንጠጥ አደረገና "ይቻላል" አለ። ዛሬ ይህችን ቃል ስሰማ ቶሎ አላምናትም። የጠየቀኝ ገንዘብ ከኮቱ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ተከራከርን፣ ትንሽ ቀነሰልኝ፣ ተስማማን። ከሁለት ሳምንትና ከብዙ "ነገ ና" በኋላ ተረከብኩት።

መስታወት ፊት እጄን አውርጄ ስቆም ትከሻው በእርግጥም ጠቧል። ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ገብቷል። ደስ አለኝ። ለብሼው ወጣሁ። ታክሲ ለማስቆም እጄን ሳነሳ ኮቱ በሙሉ አብሮኝ ተነሳ። እጄን ሳወርድ ደግሞ አልወርድ አለ፤ በሁለት እጄ ጎትቼ መለስኩት። ቤት ገብቼ በደንብ ሳየው እጅጌው ከትከሻው የሚገናኝበት ቦታ ተጨማዷል። ከኋላ ኮሌታው ከሸሚዜ ኮሌታ ለቆ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ትከሻው ጠቧል፣ ልኬ ግን አልሆነም።

ምን እንደተፈጠረ ያስረዱኝ ከወራት በኋላ ሱሪ ላሳጥር የሄድኩባቸው አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው። ኮቱን ይዤ የሄድኩት ምናልባት መልሰው ያስተካክሉልኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ገልብጠው አዩት። የገበሩን ስፌት ትከሻው ጋ በምላጭ ትንሽ ከፈቱና "ና እይ" አሉኝ።

ውስጡ ያሰብኩትን አይመስልም። እኔ ትከሻ ማለት ሁለት ጨርቅ ተጋጥሞ የተሰፋበት መስመር ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ያሳዩኝ ግን የመንደር መገናኛ ነው። የፊቱ ጨርቅ እዚያ ያልቃል፣ የኋላውም እዚያ ያልቃል። እጅጌው እዚያ ይጀምራል። ከላይ ስፖንጁ አለ። ከፊት በኩል ደረቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጠንካራ ጨርቅ እስከዚያ ድረስ ይመጣል። ገበሩም ለብቻው የራሱ ትከሻና እጅጌ አለው። ትከሻ ሲጠብ እነዚህ ሁሉ ይፈታሉ፣ ሁሉም ይቆረጣሉ፣ ሁሉም እንደገና ይሰፋሉ።

ከዚያ ዋናውን አሳዩኝ። የእጅጌው አናት ሲቆረጥ ከሚገባበት ቀዳዳ ሆን ተብሎ ተለቅ ተደርጎ ነው። ትርፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ልብስ ሰፊው ያንን ትርፍ በክርና በካውያ እየሰበሰበ፣ ሳይጨማደድ ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ያስገባዋል። እጅጌው ከትከሻ ላይ ክብ ሆኖ የሚወርደው፣ እጅም ሲነሳ የሚላወሰው በዚያ ትርፍ ነው። አሁን ትከሻውን ወደ አንገት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ ስታስገባው ቀዳዳው ሰፋ። እጅጌው ግን አልጨመረም፤ ከየት ይጨምራል? ስለዚህ ልብስ ሰፊው ተጎትቶ ይድረስ ብሎ አገናኘው። ትርፉ አለቀ። እጅጌው አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ሆነ። እጄን ሳነሳ የሚላወስ ጨርቅ ስለሌለ ኮቱን በሙሉ ይጎትታል።

"ልጁ አልበደለህም" አሉኝ። "የጠየቅኸውን ሠርቶልሃል። ግን ኮት አልጠየቅኸውም፣ ትከሻ ነው የጠየቅኸው።"

የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም። ኮቱን ጠቅልዬ ይዤው ተመለስኩ።

የዚያን ቀን የተማርኩት ልብስ ከመግዛቴ በፊት የማደርጋትን የግድግዳ ነገር ነው። ኮቱን ለብሰህ ቁልፉን ትቆልፋለህ። ግድግዳ አጠገብ በጎን ቆመህ ቀስ ብለህ ወደ ግድግዳው ትጠጋለህ። መጀመሪያ ግድግዳውን የነካው ክንድህ ከሆነ ትከሻው ልክ ነው። ክንድህ ሳይደርስ የኮቱ ትከሻ ነክቶ ከታጠፈ ሰፊ ነው፤ አትግዛው። በተቃራኒው ደግሞ ትከሻው ከጠበበ የክንድህ ጡንቻ እጅጌውን ወደ ውጭ ገፍቶ ከስፌቱ በታች ጎርበጥ ይላል። የጠበበው ከሰፋው የባሰ ነው። እዚያ ጋ ለማስፋት የተተወ ጨርቅ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም። እሱም ቢሆን የስፌት ጠርዝ ነው፤ ከነኩት ስፌቱ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ለነገሩ ትከሻ ማጥበብ በፍጹም አይቻልም ማለቴ አይደለም። ኮት ብቻ ሲሰፋ የኖረ ሰው እጅጌውን አውጥቶ፣ አናቱን እንደ አዲስ ቀርጾ ሊሠራው ይችላል። ግን ያ ሰው የሚጠይቅህ ዋጋ ሌላ ኮት ይገዛል። የአያትህ ኮት ከሆነ ክፈል። የሰልባጅ ከሆነ ተወው።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ጋ ደንበኛ ሆንኩ። ሁልጊዜ ልብስ ሳመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እኔን ሳይሆን ራሳቸውን። ጣታቸውን የሚስተካከለው ቦታ ላይ ያደርጉና "ይሄ ሲነካ ሌላ ምን ይነካል?" ይላሉ። መልሱ "ምንም" ከሆነ ጠመኔያቸውን ያነሳሉ። መልሱ ሦስት ነገር ከሆነ ልብሱን አጥፈው ይመልሱልኛል። እኔም ገንዘቤን የማወጣበትን በዚያው መለየት ጀመርኩ።

የሱሪ እግር ማሳጠርን እንውሰድ። ሲነካ ምንም አይነካም። ጨርቁ እዚያ ያልቃል። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው፣ ለውጡ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ጫማ ላይ ተቆልሎ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ሱሪ የለበሰ ሰው ሌላው ልብሱ ምንም ቢያምር የሰው ልብስ የተዋሰ ይመስላል። ለዚህ ሥራ ሳላቅማማ እከፍላለሁ። ስህተቱ የሚመጣው ከልኩ ነው። አንድ ጊዜ በነጠላ ጫማ ሄጄ አስለካሁ፤ በቆዳ ጫማ ስለብሰው ካልሲዬ ወጣ። አሁን ጫማውን አድርጌ፣ ቀበቶውን ታጥቄ፣ ሱሪውን በምለብስበት ከፍታ ላይ አድርጌ ነው የምለካው። ጎንበስ ብዬ እግሬን ለማየትም አልሞክርም። ሰው ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ ይነሳና ልኩ ይዛባል። የጥጥ ሱሪ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አጥቤው ነው የምወስደው። ጥጥ ከታጠበ ያጥራል፤ ካሳጠርከው በኋላ ካጠብከው ሁለት ጊዜ አጠረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሌ እለምናለሁ፤ ትርፉ ሁሉ እንዳይቆረጥ። አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ቢቀር ማንም አያየውም። ሱሪው ለታናሽ ወንድም ሲተላለፍ ግን ይፈታል። እርግጥ የቆየ እጥፋት ሲፈታ መስመሩ ላይ ጨርቁ ነጣ ብሎ ይቀራል። በጥጥና በጂንስ ላይ በደንብ ይታያል፣ በጥቁር ሱፍ ላይ ግን በእንፋሎት ሲተኮስ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

የሱሪ ወገብ ሁለተኛው ደስ የሚለኝ ሥራ ነው። ወንዶች ወገቡ የሰፋ ሱሪን በቀበቶ የምንፈታው ይመስለናል። ቀበቶ አያጠብም፤ ሰብስቦ ይይዛል እንጂ። ቀበቶው ስር የሚቆለለው ጨርቅ ከኋላ እንደ መጋረጃ ይታያል። የሙሉ ልብስ ሱሪ ከኋላ መሀል ላይ ከወገቡ እስከ መቀመጫው የሚወርድ አንድ ስፌት አለው። ገልብጠህ ብታየው ከስፌቱ ግራና ቀኝ ትርፍ ጨርቅ ታገኛለህ። የተተወው ሲወፍሩ እንዲሰፋ፣ ሲከሱ እንዲጠብ ነው። የወገቡም ቀበቶ ማስገቢያ ጨርቅ እዚያው መሀል ላይ ስለሚከፈል ሁሉም በአንድ መስመር ይፈታል፣ በአንድ መስመር ይሰፋል።

ገደቡ ኪሶቹ ናቸው። ከአራት አምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከጠበበ የኋላ ኪሶቹ እርስ በርስ ይሳሳማሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብዙ ኪሎ ቀንሶ ሱሪዎቹን በሙሉ ወሰዳቸው። ከስምንት ሴንቲ ሜትር በላይ ገቡለት። ወገቡ ልክ ሆነ። ከኋላ ሲታይ ግን ሁለቱ ኪሶች መሀል ላይ ተጣብቀው አንድ ትልቅ ኪስ መስለዋል። የጎን ኪሶቹም ወደ ኋላ ስለተሳቡ እጁን ሲያስገባ መቀመጫውን የሚያክ ይመስላል። አልነገርነውም። ራሱ ፎቶ ላይ አየው።

ጂንስ ላይ ግን ይህ ሥራ ሌላ ነው። የጂንስ ወገብ ከኋላ ያልተከፈለ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ለማጥበብ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ሲደራረብ ቁጥ ያለ ጉብታ ይሠራል፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥም ይሰማሃል። ክሩም ከፋብሪካው ክር ጋር ቀለሙ አይገጥምም። ለውጡ ትንሽ ነው፤ እኔ አልከፍልበትም። የሚሆነኝን ጂንስ እስካገኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ስለ እግር ማጥበብ። ይህ ከሁሉም በላይ ያወዛግበኛል፤ ምክንያቱም ሲያምር በጣም ያምራል፣ ሲበላሽ ደግሞ ለምን እንደተበላሸ አይገባህም። የድሮ ሙሉ ልብስ ሱሪ ታች ጫፉ ተዘርግቶ ሲለካ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነበረኝ። ወደ 19 ይምጣ አልኩ። ይህ ከአዛውንቱ ጋር ከመተዋወቄ በፊት ነው። የሠራው ሰው ለጥድፊያው አምስቱንም ሴንቲ ሜትር ከውስጠኛው ስፌት በኩል ወሰደው። አንድ ስፌት መፍታት ከሁለት ይቀላል። ውጤቱ ምን ሆነ? የካውያው መስመር፣ ያ ከፊት ቀጥ ብሎ መውረድ ያለበት፣ ከጉልበቴ በታች ወደ ውስጥ ዞረ። ስራመድ ሁለቱም እግሮቼ የተጣመሙ ይመስሉ ነበር። ካውያ አድርጌ መስመሩን ላንቀሳቅሰው ሞከርኩ። መስመሩ ተንቀሳቀሰ፣ ሱሪው ግን እንደተጣመመ ቀረ፤ ምክንያቱም የጨርቁ ድርና ማግ ራሱ ዞሯል።

ትክክለኛው መንገድ ከሁለቱም ስፌት እኩል መውሰድ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከውስጥ፣ ሁለት ተኩል ከውጭ። የሚጀምረውም ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ ቀስ እያለ እየጠበበ እንዲወርድ። ስለዚህ አሁን ዋጋ ከመጠየቄ በፊት "ከስንት በኩል ነው የሚወስዱት?" እላለሁ። "ከሁለቱም" ካሉ ዋጋው ቢጨምርም ይገባዋል።

ግን እግር ማጥበብ የማይረዳው ሱሪም አለ። ጭኑ ላይ ሰፊ ከሆነ ታቹን ማጥበብ ሱሪውን አያጠብም፣ ቅርጹን ነው የሚቀይረው። ላይ የተነፋ ታች የጠበበ ሆኖ የአያቶቻችንን ተነፋነፍ ይሆናል። ተነፋነፍ ፈልገህ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ መጥበብ ያለበት ጭኑ ነው፤ ጭኑ ግን እግር መገናኛው ጋ ይያያዛል፤ እዚያ ደግሞ አራት ስፌት ይገናኛል። ይኸው እንደገና መገናኛ። ከእግር መገናኛ እስከ ወገብ ያለው ቁመት ካነሰህ፣ ማለትም ስትቀመጥ ዚፑ ስር ግራና ቀኝ እንደ ድመት ጢም የሚዘረጋ መስመር ካየህ፣ እሱን የሚፈታ ልብስ ሰፊ የለም። የሚጨመር ጨርቅ የለማ።

ወደ ኮት ልመለስ። ትከሻው ልክ ከሆነ ኮት ከሁሉም ልብስ ይልቅ ለገንዘብህ መልስ የሚሰጥ ነው። በተለይ ወገቡ።

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ገዛሁ። ግድግዳውን አልፏል። ከፊት ሲታይ ግን ሣጥን ነበር፤ ከደረቴ እስከ ኪሱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አዛውንቱ መሀለኛውን ቁልፍ አስቆለፉኝና ከኋላዬ ቆመው ወገቤ ላይ ጨርቁን ቆንጠጥ አደረጉ። ወዲያው መስታወቱ ውስጥ ሌላ ሰው ቆመ። "ይሄ ነው ሥራ" አሉ። በመርፌ ያዙት፣ ከዚያ "ተቀመጥ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። "እጅህን ወደፊት ዘርጋ።" ዘረጋሁ። ቁልፉ ላይ ኤክስ የሚመስል የተወጠረ መስመር ወጣ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ለቀቁት። እንደገና ተቀመጥ አሉኝ። ኤክሱ ጠፋ። ይህንን ሁሉ ያደረጉት መቀስ ሳይነካው ነው። የመጀመሪያው ልጅ እኮ ትከሻውን ቆንጠጥ ያደረገው ቆሜ እያለሁ ብቻ ነበር።

በድምሩ አራት ሴንቲ ሜትር ገባ። ከጎኖቹ ስፌት እኩል ተከፍሎ። እነዚህ ስፌቶች ከብብት በታች ጀምረው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ የሚነካው ገበሩን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቢሄድ የፊት ኪሶቹ ወደ ጎን ይሳባሉ፣ ከኋላ ያለው ስንጥቅም ይከፈታል። ስንጥቁ አፉን ከፍቶ የቆመ ኮት ካያችሁ አንድም ከመጀመሪያው ጠቦ ነው፣ አንድም ሰው ከልክ በላይ አጥብቦት ነው።

የእጅጌ ቁመት ላይ ግን ልብ የማንላት አንዲት ነገር አለች፤ የእጅጌ ቁልፎች። የአብዛኛው ኮት የእጅጌ ቁልፍ ጌጥ ነው። ተሰፍቶበታል እንጂ አይከፈትም፣ ቀዳዳው በክር የተሠራ ምስል ነው። እንዲህ ከሆነ ደስ ይበልህ። ልብስ ሰፊው ቁልፎቹን ነቅሎ፣ እጅጌውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አሳጥሮ፣ ቁልፎቹን ከፍ አድርጎ ይተክላል። እጅህን አውርደህ ስትቆም የሸሚዝህ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ሲል ልኩ መጣ ማለት ነው። ዋጋውም ትንሽ ነው።

አንዳንድ ኮት ግን ቁልፉ በእውነት ይከፈታል። ይህ የጥሩ ኮት ምልክት ነው እየተባለ ይወደሳል። ችግሩ ቀዳዳው አንዴ ከተቆረጠ ቦታውን አይቀይርም። የመጨረሻው ቁልፍ ከእጅጌው ጫፍ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው የሚተከለው። ከታች ሦስት ሴንቲ ሜትር ካሳጠርክ ቁልፉ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ሌላው መንገድ ከላይ፣ ከትከሻ በኩል ማሳጠር ነው። ይህን ስሰማ ግራጫው ኮቴ ትዝ ይለኛል። እጅጌው ረጅም ሆኖ ቁልፉ የሚከፈት ኮት አሁን አልገዛም።

የኮት ቁመት ማሳጠርም ሰዎች የሚጠይቁት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሆነ እሺ፤ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ማን ያይልሃል? ለውጡ የሚታየው አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ነው፤ ያኔ ደግሞ ኪሶቹ ታች ጠርዙ ላይ ይወድቃሉ። የሚታየው አይቻልም፣ የሚቻለው አይታይም።

ሸሚዝ ላይ ባባከንኩት ገንዘብ ሁሉ አፍራለሁ። ለዓመታት ሸሚዞቼን ከኋላ ሁለት እጥፋት አስገባባቸው ነበር። ከትከሻ አጥንት በታች ተነስተው ወገብ ላይ ጠልቀው የሚያልፉ ሁለት ስፌቶች ናቸው። ጀርባ ላይ እንደ ሸራ የሚነፋውን ጨርቅ ይሰበስባሉ። መስታወት ፊት ያምራሉ። ሥራ ገብቼ አንድ ሰዓት ሳልቆይ ግን ሸሚዙ ከሱሪዬ ወጥቶ እንደገና ይነፋል። የሸሚዙ ትከሻ ስፌት ክንዴ ላይ ወርዷል፣ የእጅጌው ቀዳዳም እስከ ጎድኔ ዝቅ ብሏል። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ሸሚዙን በሙሉ ከቀበቶዬ ይመዘዋል። እጥፋቱ ወገቡን አጠበበ እንጂ ችግሩ ወገቡ አልነበረም።

አሁን ሸሚዝ ስለካ ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ሁለቱንም እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ። ከወጣ ለእጥፋት አልከፍልም። ካልወጣና ጀርባው ብቻ ከሰፋ እጥፋቱ ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው። ኮሌታ ግን በምንም መልኩ አይነካም። አንገት ላይ የጠበበ ወይም ሁለት ጣት አስገብቶ የሚተርፍ ኮሌታ እንደዚያው ይኖራል።

ይህን ሁሉ ስል የፋብሪካ ልብስ ብቻ ነው ያሰብኩት። ዘንድሮ ግን እህቴ ከሽሮ ሜዳ ለፋሲካ የሐበሻ ቀሚስ ገዝታ መጣች፤ ስምንት ሴንቲ ሜትር ረዘመባት። "ታች ማሳጠር ቀላል ነው፣ አንተ ራስህ ብለሃል" አለችኝ። ይዘነው ሄድን። አዛውንቱ ቀሚሱን ዘርግተው ሳቁ። ታች ጠርዙ ላይ ያለው ጥበቡ ነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ስትቆርጥ ጥበቡን ነው የምትቆርጠው፤ የቀሚሱ ዋጋ ግማሹ ደግሞ እሱ ነው። ከታች ወደ ውስጥ ማጠፍም ያው መደበቅ ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላላ ያለ ስለሆነ መቀስ የነካው ጫፍ ወዲያው መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ "ዳር ነው፣ ምንም አይነካም" ያልኩት እዚህ ጋ አልሠራም።

እሳቸው ወገቡን አዩ። ቀሚሱ ወገቡ ላይ ስፌት አለው። እሱን ፈትተው የታችኛውን ክፍል ስምንት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ አነሱት። ከፊት መሀል የሚወርደው ጥለት እዚያ ጋ ተቋርጦ ዘለለ፤ ያየ ሰው ያስተውለዋል። እህቴ ፊቷ ሲጠቁር አይተው "መቀነት አትታጠቂም?" አሏት። መቀነቱን አሰሩላት። ዝላዩ መቀነቱ ስር ገባ። የተረፈውን ጨርቅም አልቆረጡትም፤ ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፉት። ዋጋው ከሱሪ ማሳጠር አራት እጥፍ ነበር፣ ከጠየቁኝ ግን ዘንድሮ ከተከፈለው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ቀሚሱን ልንወስድ የሄድን ዕለት ግራጫውን ኮት አብሬ ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት እንጃ፤ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። "ጋሼ፣ ይሄን ለሆነ ሰው ይስጡልኝ" አልኳቸው። ተቀብለው ገለበጡት። ያችን የፈቷትን የገበር ስፌት ፈልገው አገኟት፤ እንደተፈታች ነበረች። በጣታቸው የእጅጌውን ዙሪያ ተከትለው ዞሩ። ከዚያ ዝም አሉ።

"እጅጌውን ብናወጣውስ?" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። እጅጌው ከወጣ የሚጎትተው ነገር የለም። ቀዳዳው ቢሰፋም የሚሞላው እጅጌ ስለሌለ ችግር አይደለም። ትከሻውን እስከፈለጉ ድረስ ወደ ውስጥ መቁረጥ ይቻላል፣ ጠርዙ በገበሩ ተለብጦ ይሰፋል። ሰደርያ ይሆናል ማለታቸው ነው።

"ስንት ይሆናል?" አልኳቸው።

"የሦስት ሱሪ።"

በልቤ ቆጠርኩ። ከኮቱ ዋጋና ለመጀመሪያው ልጅ ከከፈልኩት ጋር ደመርኩት። ድምሩ ደስ አይልም። እህቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ልብሶች መሀል ባዶ ማንጠልጠያ ፈልገው ኮቱን ሰቀሉት፣ ሜትራቸውንም ከአንገታቸው አወረዱ።

"ዙር፣ ደረትህን ልለካ።"